ለቃጠሎና ለትንታ የሚሆን የግድግዳ ጽሑፍ፦ ከእንግሊዝኛው ወደ ቤት አማርኛ

በአብዛኛው የገጠር ቤት እሳት የሚነድደው መሬት ላይ፣ በሦስት ጉልቻ መካከል ነው። ድክ ድክ የሚል ልጅ የሚጫወተውም እዚያው አጠገብ ነው። የፈላው ድስትም ሆነ የቡናው ጀበና ከልጁ ክንድ አይርቅም። ቆሎ ሲታደልም ጥርሱን ያልጨረሰው ትንሹ ልጅ ከታላላቆቹ ጋር እጁን ይዘረጋል። በቃጠሎም ሆነ በጉሮሮ መዘጋት ለሚደርስ አደጋ የመጀመሪያው ረዳት እናት ወይም ጎረቤት እንጂ ሐኪም አይደለም። ጉሮሮው ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ሰው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚሞት ስለሆነ፣ ጤና ኬላው የግማሽ ሰዓት መንገድ ብቻ ቢሆን እንኳ ደርሶ አያድነውም።

ለዚህ ተብሎ የሚዘጋጀው ፖስተር ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በእንግሊዝኛ ነው። በሰሜን ሸዋ በአንድ ቀበሌ ጤና ኬላ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ግን ቀደም ሲል ወደ አማርኛ የተመለሰ ነበር። ፊደሉ ያምራል፤ ሥዕሉም ደኅና ነው። ይሁንና የኬላው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጽሑፉን አንብቦ የጠየቃት እንጂ የገባው ሰው አላገኘችም። በዚህም ምክንያት ከጤና ጣቢያው አንዲት ነርስ፣ ከትምህርት ቤቱ ደግሞ አንድ የአማርኛ መምህር ተጋብዘው ጽሑፉ እንደገና እንዲታረም ተደረገ። ይህ ጸሐፊ ለግብርና ሥራ ወደ ቀበሌው በሄደበት ሳምንት ሥራውን ተከታትሎታል።

የመጀመሪያው እንቅፋት ከርእሱ ላይ ተገኘ። ርእሱ «ለተቃጠሉና ለታነቁ ሰዎች የሚሰጥ የመጀመሪያ ርዳታ» ይላል። መምህሩ በኬላው ደጃፍ ተራ ይጠብቁ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ጮክ ብለው እንዲያነቡት ጠየቋቸው። ሽማግሌው አንብበው ሲጨርሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለታነቀማ ምን ርዳታ አለው፣ መምህር? ገመዱን ቆርጦ ማውረድ ነው እንጂ» አሉ።

ሽማግሌው አልተሳሳቱም። በአማርኛ «ታነቀ» ሲባል ሰው ጆሮ ላይ ቀድሞ የሚደርሰው በገመድ ራሱን የሰቀለ ሰው ነው። «አነቁት» ከተባለ ደግሞ ወንበዴ አንገቱን ይዞታል ማለት ነው። እንግሊዝኛው በአንድ ቃል የሚጠራውን፣ ምግብ በጉሮሮ የመሰንቀርን ነገር፣ ተርጓሚው ከመዝገበ ቃላት ያገኘውን አንድ ቃል ወስዶ በማስቀመጡ የፖስተሩ ግማሽ ጎን ስለ ሌላ ነገር የሚናገር ሆኖ ቀረ።

ነርሷ ያቀረበችው ሐሳብ ግን ከቃል እርማት የሰፋ ነበር። በቤት ውስጥ የሚነገረው አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ሁለት ቃል እንዳለውና ሁለቱም ፖስተሩ የሚፈልጋቸው መሆናቸውን አስረዳች። ልጁ ውኃ ሲጠጣ ወይም ሲበላ ወደ አየር ቧንቧው ጥቂት ቢገባበትና ቢያስለው «ትን አለው» እንላለን። ቁራሹ ተሰንቅሮ ትንፋሽ ሲያሳጣው ግን «አነቀው» ወይም «ጉሮሮው ላይ ተሰነቀረ» እንላለን። ሕክምናውም የሚለየው በዚሁ መስመር ነው። ትን ያለው ሰው ድምፅ አለው፤ ያስለዋል፤ ይናገራል፤ አየር እየገባ እየወጣ ነው። እርሱን አጎንብሶ አጥብቆ እንዲያስል ከማበረታታት በቀር ምንም ማድረግ አያስፈልግም። ውኃ ማጠጣት፣ አናቱን መታ መታ ማድረግ፣ ወይም «ይህ ይገፋዋል» ብሎ እንጀራ ማጉረስ ግን አይገባም። የጎረሰው ነገር ከላይ የመጣውን ጨምሮ ቀዳዳውን ሊደፍነው ይችላል።

ያነቀው ሰው ግን ዝም ያለ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ጩኸት ሲቆም የተሻለው ይመስላል። ሳሉ ድምፅ ያጣል፤ አፉን ቢከፍትም ቃል አይወጣም፤ ሁለት እጁን ወደ አንገቱ ይወስዳል፤ ከንፈሩም መጥቆር ይጀምራል። መለያው አንድ ጥያቄ ነው። «አነቀህ?» ተብሎ ሲጠየቅ በቃል ከመለሰ አየር አለ። ራሱን ብቻ ከነቀነቀ አየር የለም፤ ሥራው ወዲያውኑ መጀመር አለበት። ስለዚህ አዲሱ ጽሑፍ የቀኝ ጎኑን በሁለት ከፍሎ በላይኛው «ትን ሲለው፦ ይሳል፤ አትንኩት» ሲል፣ በታችኛው «ሲያንቀውና ድምፅ ሲያጣ፦ ወዲያው ምቱ» የሚል ሆነ።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ በምን ይመታል የሚለው ነው። አሮጌው ጽሑፍ «በእጅ ተረከዝ» ይላል። መምህሩ ይህን ሲያነቡ ሳቁ፤ በአማርኛ ተረከዝ ያለው እግር ብቻ ነውና። የተፈለገው የመዳፍ ሥር፣ ማለትም ሊጥ ሲለወስ የሚጫነው፣ ከእጅ አንጓ አጠገብ ያለው ወፍራሙ ሥጋ ነው። «ሊጥ በምትጫኑበት የመዳፍ ሥር» የሚለውን ያመጣችው ራሷ የኬላዋ ሠራተኛ ናት፤ ሰሚውም ሳይጠይቅ እጁን አስተካክሎ ያሳያል። ሰውየው ወደ ፊት ይጎነበሳል፤ ረዳቱ ከጎኑ ቆሞ በአንድ እጁ ደረቱን ይደግፋል፤ በሌላው በሁለቱ ትከሻ መካከል ጀርባውን 5 ጊዜ አጥብቆ ይመታል። መጎንበሱ የተጻፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ቀጥ ብሎ የቆመን ሰው ጀርባ መምታት ቁራሹን ወደ ታች ሊያወርደው ይችላል። እያንዳንዱ ምት ለብቻው ቁራሹን ለማስወጣት የታሰበ ስለሆነ፣ ከወጣ አምስት እስኪሞላ መምታት አያስፈልግም።

ካልወጣ ረዳቱ ከኋላ ያቅፈዋል። አንድ እጁን ጨብጦ ከእምብርት በላይ፣ ከደረት አጥንት መጨረሻ በታች ያኖራል፤ በሌላው እጁ ጭብጡን ይዞ ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ በኀይል ይስባል። ከዚያ እንደገና 5 ምት፤ እንደገና 5 ስበት፤ ቁራሹ እስኪወጣ ወይም ሰውየው ራሱን እስኪስት። በዚህ መንገድ የዳነ ሰው ሆዱ ውስጥ ጉዳት ደርሶበት እንደሆነ ለማወቅ የግድ ጤና ጣቢያ መታየት አለበት። ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ወይም ሰውየው ወፍራም ሆኖ እጅ ካልደረሰ፣ ስበቱ ከሆድ ወደ ደረት መካከል ይዛወራል።

እዚህ ላይ ለተርጓሚ ሁሉ የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። ሄንሪ ሃይምሊክ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም የሆዱን ስበት እ.ኤ.አ. በ1974 ካስተዋወቀ ወዲህ፣ ብዙ የአሜሪካ ፖስተሮች ለዐዋቂ ሰው የሆዱን ስበት ብቻ እያሳዩ ጀርባ መምታትን ትተውት ነበር። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው መመሪያ ግን ለዐዋቂም ለልጅም በመጀመሪያ 5 የጀርባ ምት፣ ቀጥሎ 5 የሆድ ስበት እንዲሆን አዝዟል። በአውሮፓም ጀርባ መምታቱ ቀድሞውኑ የመጀመሪያው ርምጃ ነበር። እንግዲህ የሚተረጐመው ወረቀት መቼ እንደ ታተመ ሳያዩ መጀመር፣ የተሻረን መመሪያ በጥሩ አማርኛ ማሠራጨት ይሆናል።

«ሕፃን» የሚለው ቃልም ረዘም ያለ ክርክር አስነሥቷል። እንግሊዝኛው ከዓመት በታች ያለውን ልጅ በአንድ ልዩ ቃል ለይቶ ይጠራል። አሮጌው ትርጕም ይህን «ሕፃን» ብሎታል። በእኛ አነጋገር ግን የአምስት ዓመት ልጅም ሕፃን ነው። «ጨቅላ» ቢባል ደግሞ ገና የተወለደውን ብቻ ሊመስል ነው። ልዩነቱ የቃል ጨዋታ አይደለም፤ ዓመት ያልሞላውን ልጅ ሆዱን መጫን ጉበቱንና ሌላውን የሆድ ዕቃ ሊጎዳ ስለሚችል የተከለከለ ነው። ስለዚህ ቃሉ ቀርቶ «ዓመት ያልሞላው ልጅ» ተባለ። ይህ ልጅ በክንድ ላይ በሆዱ ይተኛል፤ ራሱ ከሰውነቱ ዝቅ ይላል፤ አገጩ በጣት ይደገፋል፤ ጀርባውም በመዳፍ ሥር 5 ጊዜ ይመታል። ካልወጣ ይገለበጥና የደረቱ አጥንት፣ ከሁለቱ ጡቶቹ መስመር ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ 5 ጊዜ ይጫናል። አሮጌው ሥዕል በሁለት ጣት ሲጫን ያሳያል። የ2025ቱ መመሪያ በአንድ እጅ የመዳፍ ሥር እንዲሆን ስላመለከተ ሥዕሉም አብሮ ተለወጠ።

አሮጌው ጽሑፍ በመጨረሻው መስመር ላይ «ዕውር የጣት ጠረጋ አታድርጉ» የሚል ነበረበት። ምን ማለት እንደ ሆነ ማንም ሊናገር አልቻለም። የተፈለገው ነገር ቀላል ነው፤ ቁራሹን ሳያዩ ጣት ወደ ጉሮሮ መክተት የበለጠ ወደ ውስጥ ይገፋዋል ማለት ነው። «ካላያችሁት በጣት አትፈልጉት» ተብሎ ተጻፈ። ሰውየው ራሱን ከሳተ ደረቅ መሬት ላይ ተንጋልሎ ደረቱ በሁለት እጅ በኀይልና በፍጥነት መጫን አለበት፤ በየመሀሉ አፉ ይታያል፤ የሚታይ ነገር ካለ ብቻ ይወጣል። ይህን ግን በፖስተር ብቻ ተምሮ መሥራት አስቸጋሪ ስለሆነ የኬላዋ ሠራተኛ በአሻንጉሊት እያሳየች ለማስተማር ወስናለች።

የቃጠሎው ጎን ደግሞ የራሱ ጣጣ ነበረው። አሮጌው «የተቃጠለውን አካል በሚሮጥ ቀዝቃዛ ውኃ ሥር ለ20 ደቂቃ ያቆዩ» ይላል። አንዲት እናት ይህን ሲሰሙ «እንግዲያ ልጁን ተሸክመን ወንዝ ልንወርድ ነው?» ብለው ጠየቁ። ውኃ የሚሮጠው እዚያ ነውና ፍርዳቸው ትክክል ነው። ቧንቧ ለሌለው ቤት ዐረፍተ ነገሩ «ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ አፍስሱበት» መሆን ነበረበት።

ከዚያ የ20 ደቂቃው ጉዳይ መጣ። ነርሷ እንዳብራራችው፣ እሳቱ ወይም የፈላው ውኃ ከራቀ በኋላም ሙቀቱ በቆዳው ውስጥ ታምቆ ወደ ታች መብላቱን ይቀጥላል። ላዩ ሲዳሰስ ቀዝቅዟል፤ ውስጡ ግን አልቀዘቀዘም። አንድ ሁለት ጊዜ ውኃ ረጭቶ መተው የማይበቃው ለዚህ ነው። ቃጠሎው ከደረሰ ሦስት ሰዓት ያህል እስኪሆን ድረስ ማቀዝቀዝ ጥቅም ይሰጣል፤ ቶሎ ሲሆን ግን ይሻላል። ታዲያ ልጁ እያለቀሰ ሃያ ደቂቃን ማን ይቆጥራል? እኛ የግብርና ሠራተኞች ዘርን በኪሎ ጽፈን ስንሰጥ ገበሬው በጣሳና በቁና መልሶ እንደሚለካው እናውቃለን፤ እዚህም መለኪያው ከቤቱ ዕቃ መውጣት ነበረበት።

መፍትሔው ከቢጫው ጀሪካን ተገኘ። ጀሪካኑ 20 ሊትር ይይዛል። በደቂቃ አንድ ሊትር እየተቀዳ ቢፈስ አንድ ጀሪካን 20 ደቂቃ ይሆናል። ይህ በኬላው ግቢ ውስጥ በስልክ ሰዓት ተሞከረ። አንዲት ወጣት ጀሪካኑን አዘንብላ ስታፈስ በ4 ደቂቃ ባዶ አደረገችው። አንድ ሊትር በሚይዝ ጆግ እየቀዳች በቀጭኑ ስታንቆረቁር ግን 20 ደቂቃው ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው አለቀ። ስለዚህ «አንድ ጀሪካን ውኃ በጆግ እየቀዳችሁ፣ እንደ ቡና በቀጭኑ አንቆርቁሩ» የሚለው ተጻፈ። ውኃ ለሚያጥረው ቤት ከሥር ንጹሕ ሳፋ አስቀምጦ የተጠራቀመውን እንደገና መቅዳት ይቻላል፤ ሲሞቅ ግን መለወጥ አለበት። በረዶ ቆዳውን ስለሚጎዳ አይደረግም። በደጋው አገር ሌላ ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ውኃው የሚፈሰው በተቃጠለው ስፍራ ላይ ብቻ ሆኖ ሌላው ሰውነት በጋቢ ይጠቀለላል። ልጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ማፍሰሱ ይቁም።

«ቅባት አትቀቡ» የሚለው ትእዛዝም አልተረፈም። «ቅባት» ከጤና ጣቢያ በቱቦ የሚሰጠውም መድኃኒት ስሙ ስለሆነ፣ አንዳንዱ መድኃኒቱን ሲተው ቅቤውን ግን እንደ ተፈቀደ ይቆጥረዋል። የቤቱ ዕቃ በየስሙ መጠራት ነበረበት፤ ቅቤ፣ ሊጥ፣ እንቁላል፣ የጥርስ ሳሙና፣ የቡና ዱቄት፣ ጭቃ፣ እበት። ነርሷ ምክንያቱን ስትናገር ቅቤ ሙቀቱን ያፍናል፤ የቁስሉንም ጥልቀት ይሸፍናል፤ ጤና ጣቢያ ሲደርስም ተፍቆ መነሣት ስላለበት ልጁ ሁለተኛ ይሠቃያል አለች። ጭቃና እበት ደግሞ መንጋጋ ቆልፍ ሊያስከትሉ ይችላሉ።

የአማርኛችን ጠባይ ራሱ የሚያመጣው አደጋ ደግሞ አለ። ክልከላው የሚሰማው በመጨረሻው ቃል ላይ ነው፤ በጽሑፍም ልዩነቱ አንድ ፊደል ነው። «አፍስሱ» እና «አታፍስሱ» የሚለያዩት በ«ታ» ብቻ ነው። ዐይኑ የደከመ፣ ወይም የደነገጠ ሰው ያችን ፊደል ቢዘላት ትእዛዙ ይገለበጣል። ሥዕሉ ላይ የተደረገው የኤክስ ምልክትም ለማያውቀው ሰው መከልከያ መሆኑ አይታወቀውም፤ የሚያየው ቅቤና የተቃጠለ እጅ ነው። ስለዚህ የተከለከለው ሁሉ ከሚደረገው ተለይቶ ከታች በቀይ ሳጥን ገባ፤ በራሱም ላይ «ይህን አታድርጉ» የሚል ርእስ በትልቁ ተጻፈበት። የቅቤው ሥዕልም ወጣ። ትእዛዞቹም ሁሉ ለአንድ ወንድ የሚነገር ከሚመስለው «አፍስስ» ወደ «አፍስሱ» ተለወጡ። በአደጋው ሰዓት እሳት አጠገብ የምትገኘው አብዛኛውን ጊዜ እናት ናትና።

ወደ ጤና ጣቢያ የሚያስኬደው የቃጠሎ ስፋት በአሮጌው ጽሑፍ «ከእጁ የሚበልጥ» ተብሏል። እኛ እጅ ስንል ግን ከትከሻ ጀምሮ ነው። እንዲህ ተብሎ ቢነበብ ክንዱን ሙሉ እስኪሸፍን ድረስ ቤት ሊቀመጥ ነው። አዲሱ «ከተቃጠለው ሰው ከራሱ መዳፍ ከነጣቶቹ የሚበልጥ» ይላል። ትንሽም ቢሆን ፊት፣ መዳፍ፣ ከቁርጭምጭሚት በታች ያለ እግር፣ መገጣጠሚያ ወይም ብልት ላይ ከሆነ፣ ወይም በኤሌክትሪክና በኬሚካል የደረሰ ከሆነ፣ ወይም ልጁ ዓመት ያልሞላው ከሆነ መሄድ አለበት።

ጽሑፉ ከተጠናቀቀ በኋላ «ገባችሁ ወይ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው የለም፤ እንዲህ ሲባል ሰው ለጨዋነት ሲል «አዎ» ስለሚል። ይልቁንም አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ጮክ ብሎ ሲያነብ ማንበብ የማይችሉ አምስት ሰዎች በጤፍ ገለባ በተሞላ ጆንያ ላይ እንዲያሳዩ ተደረገ። አራቱ በትክክል መቱ። አምስተኛው፣ አንድ ጎልማሳ፣ ጆንያውን ሳያጎነብሱ ከላይ ወደ ታች መቱት። ጽሑፉን ሲያዩት «አጎንብሱት» የሚለው ከ«ምቱ» በኋላ ተጽፎ ኖሯል። ቦታው ተለወጠ፤ ጎልማሳውም ድጋሚ ሲነበብላቸው ቀድመው አጎነበሱት።

የመጨረሻው ጽሑፍ የግራ ጎን እንዲህ ይነበባል፦ «እሳት ወይም የፈላ ነገር ሲፈጀው፦ ከእሳቱ አርቁት። ልብሱን፣ አምባሩንና ቀለበቱን አውልቁ፤ ከቆዳው የተጣበቀውን ተዉት። አንድ ጀሪካን ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ በጆግ እየቀዳችሁ በቀጭኑ አንቆርቁሩበት። ሌላውን ሰውነቱን በጋቢ ሸፍኑ። ከዚያ ቁስሉን በታጠበ ነጠላ ወይም በንጹሕ ፌስታል አላልታችሁ ሸፍኑ። ይህን አታድርጉ፦ ቅቤ፣ ሊጥ፣ እንቁላል፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቡና፣ ጭቃ፣ እበት መቀባት፤ ውኃ የቋጠረውን ማፍረጥ፤ የተጣበቀ ልብስ መላጥ።»

የቀኝ ጎኑ ደግሞ፦ «ትን ሲለውና ሲያስለው፦ ይሳል፤ አትንኩት፤ ምንም አታጉርሱት። ሲያንቀውና ድምፅ ሲያጣ፦ አጎንብሱት። ሊጥ በምትጫኑበት የመዳፍ ሥር በሁለቱ ትከሻ መካከል 5 ጊዜ ምቱ። ካልወጣ ከኋላ አቅፋችሁ ከእምብርት በላይ በጭብጥ ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ ሳቡ። እስኪወጣ አፈራርቁ። ዓመት ያልሞላውን ልጅ ሆዱን አትጫኑ፤ ሥዕሉን እዩ። ራሱን ከሳተ አስተኝታችሁ ደረቱን ተጫኑ፤ ሰው ላኩ።»

በእንግሊዝኛው ግርጌ የነበረው የውጭ አገር የአደጋ ስልክ ቍጥር ወጥቶ በምትኩ ሁለት ባዶ መስመር ተተወ፤ አንዱ ለጤና ኬላዋ ሠራተኛ፣ ሌላው ለወረዳው አምቡላንስ ሾፌር። ቍጥር ስለሚለወጥ በእስክሪብቶ ይሞላል። ፖስተሩም በጤና ኬላው ብቻ አልቀረም፤ በሽተኛ ያልሆነ ሰው ኬላው ውስጥ ቆሞ አያነብምና፣ አንዱ ቅጂ ሴቶች ወረፋ ይዘው በሚቆዩበት በወፍጮ ቤቱ ደጃፍ፣ ዱቄት እንዳያለብሰው ከመስኮት ራቅ ብሎ፣ በላስቲክ ተሸፍኖ ተሰቀለ።